እናቲቱ ከድብርቱ አገግማለች፣ ሕፃኑ ግን ፊቱን ያዞርባታል፤ በራሱ ይስተካከላል?

የሳቢያኑ አባት (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች አራት ወር ከአንድ ሳምንት ሆናት። በሦስተኛው ሳምንት ላይ እንቅልፍ አጣች፤ ሕፃኑ ተኝቶ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት እንኳ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ታነጋለች፣ ምክንያቱን ሳትነግረን ታለቅሳለች፣ የቀረበላትን ገንፎ ሳትነካው ትመልሳለች። ዘመድ ሁሉ «የአራስ ብርድ መትቷት ነው» እያለ ሲያጽናናን ሰነበተ። በስድስተኛው ሳምንት ልጁን ለክትባት ስንወስድ አንዲት የጤና ባለሙያ ፊቷን አይታ ለብቻዋ አስቀመጠቻትና የኤድንብራ የሚባለውን የ10 ጥያቄ መጠይቅ አንድ በአንድ አነበበችላት። ከ30 ነጥብ 19 ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የምክክር ሕክምና ተከታተለች፣ ሐኪሙ ያዘዘላትን መድኃኒትም ሳታቋርጥ ወሰደች። ባለፈው ሳምንት ያንኑ መጠይቅ ስትሞላ ውጤቷ 7 ወጣ። አሁን ትስቃለች፣ ጎረቤት ቡና ትጠራለች፣ ሌሊትም ትተኛለች።

የቸገረኝ የልጁ ነገር ነው። እርሷ ፊት ለፊት ስትይዘው አንድ አፍታ ያያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው ወይም ወደ ማራገቢያው ያዞራል። እናቴ ስትይዘው ግን በድምፅ ይስቃል፣ ድምፅ እያወጣም ይመልስላታል። ባለቤቴ ትናንት «ልጄ አያውቀኝም፣ ባልነበርኩበት ጊዜ ሌላ እናት አገኘ» ብላ አለቀሰች። በቀጠሮዋ ቀን ይህንን ስናነሳ የተሰጠን መልስ «እናት ስትድን ልጅም አብሮ ይድናል» የሚል ብቻ ነበር። እውነት እንዲያ ነው? ወይስ እኛ ልናደርገው የሚገባ ነገር አለ?

የለገሃሯ እናት

ልጄ፣ እግዚአብሔር እንኳን ባለቤትህን መለሰልህ። አምስት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ሕፃን ያዘለውንና ያቀፈውን ነው የሚያውቀው። በእኛ ጊዜ አራስ ብቻዋን አትተውም ነበር፤ አንዷ ስታጥባት ሌላዋ ልጁን ትይዛለች፣ ስለዚህም ልጅ በአንድ ሰው ፊት ላይ አይንጠለጠልም። አሁንም ምክሬ ይኸው ነው፤ እናትህ ልጁን ለሁለት ወር ያህል ወደ ራሷ ቤት ትውሰደው፣ ሚስትህም ሙሉ በሙሉ ትረፍ። ጠንክራ ስትመለስ ልጁ ይለምዳታል። በማይፈልጋት ሰዓት ዘወትር ፊቱ ላይ መደቀኗ ሐዘኗን መልሶ የሚቀሰቅስባት ይመስለኛል።

መምህሩ ከገንደ ቆሬ

ወንድሜ፣ አንተ የጠየቅኸው ስለ ድብርት ቢሆንም እኔን ያሳሰበኝ የልጁ ዓይን ነው። የወንድሜ ልጅ እንዲሁ ሰው ፊት አያይም ነበር፤ ቆይቶ ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን፣ ዘግይተንም ተጸጸትን። የሚሽከረከር ማራገቢያ ላይ ማፍጠጡም ጥሩ ምልክት አይመስለኝም። ጊዜ ሳትፈጅ አስመርምረው።

ነርስ ከሐረር

በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ከእናት ድብርት በኋላ የሚመጡ ጥንዶችንም አያለሁ። ጥንድ የምለው እናትና ልጁን ነው፤ በዚህ ጉዳይ አንዱን ለብቻው መመርመር ግማሹን ብቻ ማየት ስለሆነብኝ።

መምህር፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ የወንድምዎ ልጅ ታሪክም ልብ ይነካል። ነገር ግን ይህ ሕፃን አያቱን ያያል፣ ይስቅላታል፣ ድምፅ ይመልስላታል። የማያይ ወይም የማይሰማ ልጅ፣ ወይም ከሰው ሁሉ የራቀ ልጅ፣ ሰው መርጦ አይርቅም። በአራት ወር ማራገቢያ ማየትም የማንኛውም ሕፃን ልማድ ነው። ከሰው ሁሉ ቢሸሽ፣ ፊቱ ቢደነዝዝ፣ ድምፁ ቢጠፋ፣ ክብደት መጨመሩን ቢያቆም ኖሮ እኔም ዛሬውኑ ይምጣ እል ነበር።

ወንድሜ፣ «እናት ስትድን ልጅ ይድናል» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ድብርቱ ቶሎ ታክሞ ከተነሣ አብዛኛው ሕፃን ይመለሳል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የእናቲቱ ስሜት በሕክምና ተሻሽሎ ከልጇ ጋር ያላት መግባባት ግን እንደነበረ የቀረባቸውን ጥንዶች በእንግሊዝም በአሜሪካም የተካሄዱ ጥናቶች አሳይተዋል። ምክንያቱ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ሕፃኑ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ከእናቱ ፊት ጋር እንዴት እንደሚኖር አንድ ልማድ አበጅቷል፤ እናቲቱ ስትድን ልማዱ አብሯት አይድንም። እርሷም ብትሆን የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ስትጣደፍ ሌላ ልማድ ይዛ ትመጣለች።

ስለዚህ ምክር ከመስጠቴ በፊት የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ልጁ ፊቱን ካዞረ በኋላ ባሉት አምስት ሰከንዶች ውስጥ እናቱ ምን ታደርጋለች? እጇ የት ይሄዳል፣ ድምፇ ምን ይሆናል፣ ፊቷ ይከተለዋል ወይስ ባለበት ይቆያል? በቃልህ አትመልስልኝ፤ እርሷን አስፈቅደህ በስልክህ ሦስት ደቂቃ ቅረጽና ድምፁን አጥፍተህ ተመልከተው።

የሳቢያኑ አባት (ድሬዳዋ)

ሲስተር፣ እንዳልሽኝ አደረግሁ። የቀረጽኩት ከሥራ እንደተመለስኩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ማራገቢያውም ከአልጋው በላይ ይዞር ነበር። ያየሁትን ሳላሳምር ልጻፈው።

መጀመሪያ ልጁ አያት፤ ፈገግ ሊል አፉን ከፈት አደረገ። እርሷ ወዲያው ሁለት እጆቹን ይዛ አጨበጨበች፣ ስሙን አራት አምስት ጊዜ አከታትላ ጠራች፣ ሆዱን ኮረኮረች። ወደ ግራ ዞረ። ጎንበስ ብላ ወደ ግራ ተከተለችው። ወደ ቀኝ ዞረ፤ በቀኝ በኩል ጠበቀችው። ሽቅብ ወደ ማራገቢያው አየ። አገጩን በጣቷ ይዛ ወደ ራሷ መለሰችው፣ የቁልፍ ማንጠልጠያዬንም አንስታ ፊቱ ላይ አንቀጫቀጨችው። በመጨረሻ ጀርባውን ለጥጦ አለቀሰ። ቆጠርኩት፤ 11 ጊዜ ዞሯል፣ 11ዱንም ጊዜ ተከትላዋለች።

ከዚያ በማግሥቱ እናቴን ሳላሳውቃት አየኋት። ልጁን ምንጣፉ ላይ አጠገቧ አስተኝታ ምስር ትለቅም ነበር። እርሱ ሲያያት ቀና ብላ «አቤት ጌታው» ትለዋለች፤ ሲዞር ወደ ምስሯ ትመለሳለች። ሌላ ምንም አላደረገችም። እርሱ ግን በየጊዜው ፈልጎ ያያታል።

ነርስ ከሐረር

ወንድሜ፣ የጻፍከው ብዙ ባለሙያ ሳያስተውለው የሚያልፈውን ነው። በመጀመሪያ የ11ዱን ቁጥር ለባለቤትህ እንዳትነግራት እለምንሃለሁ። ጥፋተኝነት የሞላባት ሴት ናት፤ ቁጥሩ ለእርሷ እንደ ክስ ይሆንባታል።

አሁን ያየኸውን እንተርጉመው። የአራት ወር ሕፃን ደስታውም ቢሆን ሲበዛበት የሚያርፍበት ዋነኛ መንገድ ፊቱን ማዞር ነው። ዞር ብሎ ልቡን ያረጋጋና ተመልሶ ያያል። ከኋላው የሚከተለው ፊት ካለ ግን ዕረፍቱን ስለማያገኝ ይበልጥ ይሸሻል፤ እናቲቱም መሸሹን እንደ ጥላቻ ቆጥራ ይበልጥ ትከተለዋለች። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም፣ ሁለቱም ግን ይደክማሉ። ድብርት ያለባቸው እናቶች ሁሉ ዝም የሚሉ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሁለት ዓይነት መልክ አለው፤ አንዷ ፊቷ ረግቶ፣ ድምፇ ወርዶ ልጁ ሲጠራት ትዘገያለች፤ ሌላዋ ደግሞ ትጣደፋለች፣ ትነካካለች፣ ታቋርጠዋለች። አንዳንዷ ባለቤትህ እንዳለፈችበት ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ትሻገራለች፤ ያኔ ቤተሰብ «ድናለች» ይላል።

አንድ ነገር ልንገራትና ከእኔ እንደመጣ ንገርልኝ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ጤነኛ እናቶችን ከሕፃናቸው ጋር በፊልም ቀርጾ ሲመረምር፣ ስሜታቸው የሚገጥመው ከጊዜው ሲሶ ያህሉን ብቻ ሆኖ አገኘው። በቀረው ጊዜ ይተላለፋሉ፣ እንደገናም ይገናኛሉ። ልጁ የሚማረው ከዚያ መልሶ መገናኘት ነው። ስለዚህ የጎደለባት ዘወትር መግጠም ሳይሆን ልጁ በራሱ ጊዜ እንዲመለስ የሚጠብቀው ሰው ነው።

የምታደርጉት እንዲህ ነው። የጨዋታውን ሰዓት ከማታ ወደ ጠዋት አምጡት፤ ጠብቶ፣ ትንሽ ተኝቶ፣ የድሬ ፀሐይ ሳትከር። ማራገቢያውን አጥፉት ወይም ልጁን ከሥሩ አንሡት፤ የሚሽከረከር ነገር ካለ ፊቷ መፎካከር የለበትም። በጭኗ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ በጀርባው አስተኝታው ፊቷን አንድ ክንድ ያህል ታርቀው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሥራዋ ማየት ብቻ ነው፤ የሚያደርገውን በለስላሳ ድምፅ ትናገርለታለች፣ «እግርህን አነሣህ፣ ጣትህን አየህ» እያለች። አዲስ ነገር አትጨምርም። ሲዞር እጇን ታሳርፋለች፣ ድምፇን ታቆማለች፣ ፊቷ ግን እዚያው ይቆየዋል። ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ረጅም ሆኖ ይታያታል፤ አሥር ሰከንድ እንደ አንድ ሰዓት ነው የሚሆንባት፤ ለዚህም ነው አጠገቧ ሰው እንዲኖር የምፈልገው። ሲመለስ በጭብጨባ አትቀበለው፤ እርሱ ያወጣውን ድምፅ ቀስ ብላ ትመልስለት። «እ» ካለ «እ» ትበለውና ትጠብቅ። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ዳይፐር ሲቀየርም ያው ነው። ልጁ ከደከመ በሁለት ደቂቃም ይቁም።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ቅረጽና ማታ አብራችሁ ተመልከቱት። ልጁ ዞሮ የተመለሰባትን ቅጽበት ፈልግና እዚያ ላይ ፊልሙን አቁመው። «አየሽ፣ አንቺን ፈልጎ መጣ» በላት። ስህተቱን አትንገራት፤ ራሷ ታየዋለች።

እማማ፣ የእርስዎ ምክር ግማሹ ትልቅ እውነት ነው፤ ብዙ ክንድ መኖሩ ሕፃንን ይጠብቀዋል። ልጁን ለሁለት ወር መውሰዱን ግን አልደግፈውም። እናቲቱ ዛሬ የምትፈራው ልጇ እንደማይፈልጋት ነውና መወሰዱ ፍርሃቷን ያጸናባታል፤ ጡትም ይቋረጣል። አያቲቱ ልጁን ከመውሰድ ይልቅ ወደዚያው ቤት ትምጣ።

መድኃኒቱን ስለተሻላት ብቻ በራሷ እንዳታቋርጥ አደራ። እንቅልፉ ተመልሶ ከጠፋ፣ ሌላው የማይሰማውን ከሰማች፣ ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ካነሣች ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዳት፣ ብቻዋንም አትተዋት።

የጁገል እህት

ይህንን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጄ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ሲስተር በመጀመሪያ የጠቀሰችው ዓይነት ነበርኩ። አጠባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ ግን አላናግራትም ነበር፤ ቃላቱ ከደረቴ አይወጡም ነበር። ልጄ ሦስት ወር ሲሞላት ማልቀስ እንኳ ቀነሰች፤ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር። ዝምታዋ ተስፋ መቁረጥ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

እኛ ሐረር ውስጥ አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለን። የእናቴ አፎቻ ሴቶች በየተራ ቤቴ እየመጡ አጠገቤ ተቀምጠው ያወሯት ነበር፤ የባሌ እህትም በየማታው ትዘፍንላት ነበር። እኔ በኋላ ታክሜ ድኛለሁ። የሚያሳዝነኝ ልጄ መጀመሪያ የሳቀችው ለእኔ አለመሆኑ ነው። ሲስተር፣ ያኔ ከሌላ ሰው የሰማችው ድምፅ ጠቅሟታል ወይስ እኔን ይበልጥ አራቃት? ይህ ጥያቄ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል።

ነርስ ከሐረር

እህቴ፣ ጠቅሟታል። አሜሪካ ውስጥ ካፕላን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ድብርት ያለባቸውን እናቶች ድምፅ ቀርጾ ለገዛ ሕፃኖቻቸው አሰምቶ ነበር። ሕፃናቱ ከእናታቸው ድምፅ ጋር ተያይዞ የቀረበላቸውን መማር አቃታቸው፤ ድብርት የሌለባት ሌላ ሴት ድምፅ ሲቀርብላቸው ግን ተማሩ። በኋላም የአባት ድምፅ ሲቀርብላቸው ተምረዋል። የመማር ኃይላቸው አልጠፋም ነበር፤ የሚቀሰቅሰው የድምፅ ዜማ ነበር የጎደላቸው። የባልሽ እህት ዘፈንና የአፎቻው ወሬ የልጅሽን ጆሮ ለአንቺ ነበር ያቆየልሽ።

«ጨዋ ልጅ» ያልሽው ነገር ግን እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። በክትባት ቀን የሚያለቅሰውን ልጅ እንጂ ዝም ያለውን ማንም አያየውም። መርፌ ሲወጋ እንኳ ብዙ የማይቃወም፣ ስናናግረው ዘግይቶ የሚመልስ ወይም የማይመልስ የሁለትና የሦስት ወር ሕፃን ሲመጣ እኔ መጀመሪያ እናቱን ነው የምጠይቀው።

የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ

የሲስተርን ልምድ አከብራለሁ፤ ነገር ግን በቪዲዮ የሚሰጠው እርዳታ የተረጋገጠ መድኃኒት መስሎ እንዳይታይ እፈራለሁ። በእንግሊዝ አገር በ2018 የታተመ ሙከራ ድብርታቸው ለወራት የቆየ 144 እናቶችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች የንግግር ሕክምና አገኙ፤ አንደኛው በተጨማሪ በቪዲዮ ከልጁ ጋር ያለውን ግንኙነት ሲሠራ፣ ሌላው ጡንቻ የማፍታታት ልምምድ አደረገ። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ የሁለቱም ልጆች ዕድገት ደህና ነበር። እንግዲህ ዋናው የእናቲቱን ድብርት በደንብ ማከም ነው ማለት አይቻልም?

ነርስ ከሐረር

ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ ያንን ሙከራ አልክድም። እኔ የማነብበው እንዲህ ነው፤ እዚያ ሁሉም እናቶች ሥልጡን ባለሙያ ቤታቸው ድረስ እየመጣ ጠንካራ ሕክምና አግኝተዋል። እኛ ዘንድ ያንን የምታገኝ እናት ጥቂት ናት። በደቡብ አፍሪካ ካየሊቻ በሚባለው የድሆች ሰፈር ተሠርቶ በ2009 የታተመውን ደግሞ ተመልከት። ባለሙያ ያልሆኑ የሰፈሩ እናቶች ሠልጥነው፣ ከእርግዝናው መጨረሻ እስከ ስድስተኛው ወር 16 ጊዜ ቤት ለቤት እየሄዱ የሕፃኑን ምልክት ማንበብን አስተማሩ። በ18ኛው ወር ከእናታቸው ጋር የተረጋጋ ትስስር ያላቸው ልጆች 74 በመቶ ሲሆኑ፣ ጉብኝቱን ካላገኙት ውስጥ 63 በመቶ ነበሩ። የእናቶቹ ድብርት በምርመራ ደረጃ ያን ያህል ሳይቀንስ የልጆቹ ትስስር መሻሻሉ ነው እኔን የሚያሳምነኝ።

የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ

የካየሊቻው ጥናት በድብርት የተለዩ እናቶችን ብቻ አልወሰደም፤ በሰፈሩ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች በጠቅላላ ነው የወሰደው። ስለዚህ ለዚህ ወንድማችን ጥያቄ በቀጥታ አይመልስም። አምስት ደቂቃ መጠበቅ ማንንም እንደማይጎዳ ግን እስማማለሁ።

ነርስ ከሐረር

ልክ ነህ፣ በዚያ ነጥብ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

የለገሃሯ እናት

ሲስተር፣ ልጁን ትውሰደው ያልኩት ከአዘኔታ ነበር፤ የፈራችው ያንን መሆኑን አላሰብኩም። ሆኖም አያቲቱ በቤቱ ስትኖር ልጁ ሁልጊዜ ወደ እርሷ የሚዞር ከሆነ እናቲቱ ዕድል ታገኛለች?

የሳቢያኑ አባት (ድሬዳዋ)

ሦስት ሳምንት አልፏል፤ የሆነውን ላካፍላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ባለቤቴ ልጁ ሲዞር እጇን ማሳረፍ አቅቷት በገዛ ጉልበቷ ሥር ትደብቀው ነበር። በአራተኛው ቀን «እኔ ዝም ስል ድብርቱ የተመለሰ ይመስለኛል» አለችኝ፤ ለካ ዝምታውን የምትፈራው ለዚህ ነበር። ያንን ከሰማሁ በኋላ ልጁ በዞረ ቁጥር እጇን እይዝላት ጀመር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የቀረጽኩትን ነው ማታ ያየነው። ልጁ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እርሷ ጠበቀች። ሰባት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ተመለሰና አያት፣ አፉንም ከፈተ። እርሷ «እ» አለችው። እርሱም «እ» አላት። ፊልሙን እዚያ ላይ አቆምኩት። ለብዙ ጊዜ አየችውና ስልኬን ከእጄ ወሰደች፤ ደጋግማ ስታየው አመሸች።

ሁሉም ተስተካክሏል አልልም። ማታ ማታ፣ በተለይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ አሁንም ይሸሻታል፣ እርሷም አንዳንድ ጊዜ ትጣደፋለች። እማማ የጠየቁትንም አይተነዋል፤ እናቴ በጠዋቱ አምስት ደቂቃ ከክፍሉ ትወጣለች፣ በቀረው ቀን ግን አብራን ናት። የሚቀጥለው ወር እናቴ ወደ ሐረር ትመለሳለች፣ ባለቤቴም የወሊድ ፈቃዷ አልቋልና ልጁን ቀን ቀን ለሞግዚት ልንተው ነው። ሲስተር፣ ሞግዚቷን ከአሁኑ አምጥተን የእናቴን ምስር ለቀማ ታስተውል ዘንድ አብረን እናስቀምጣት፣ ወይስ ልጁ በአንድ ጊዜ ሦስት ፊት ይበዛበታል?

ነርስ ከሐረር

ከአሁኑ ትምጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ልጁን አትያዘው፤ ከእናትህ አጠገብ ተቀምጣ ምስሩን አብራ ትልቀም፣ ልጁ ራሱ ፈልጎ ሲያያት ብቻ ትመልስለት። የጠዋቱን ሰዓት ለማንም አትስጡት፤ የእናቱ ነው። ባለቤትህ ሥራ ከጀመረች በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት ያንን የ10 ጥያቄ መጠይቅ እንደገና ትሙላ፤ ውጤቱ ከፍ ካለ ወዲያው ወደ ሐኪሟ ሂዱ።